ያልተነካችው ሦስተኛዋ ሳጥን፦ የሼንገን ቪዛ መልስ እንዴት ይነበባል?

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ የቡና አቅራቢ ወዳጄ ጅማ መርካቶ አጠገብ ወዳለው የሰነድ ትርጉም ቤቴ ገባና ሁለት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በሰኔ ወር አውሮፓ ውስጥ በሚካሄድ የቡና ዐውደ ርእይ ላይ ለመገኘት በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች፣ ሼንገን ከሚባሉት፣ ከአንዱ ኤምባሲ ቪዛ ጠይቆ ነበር፤ ወረቀቱ መልሱ ነው። «ገንዘቡ አነሰ ብለው ከለከሉኝ» አለኝ። ከሚያውቀው ነጋዴ 400,000 ብር ተበድሮ ሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባና እንደገና ሊያመለክት ወስኗል። ከእኔ የሚፈልገው አዲሱን የባንክ መግለጫ የሚያጅብ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንድጽፍለት ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩት። ስለ ገንዘብ በሚናገረው መስመር ላይ ምንም ምልክት የለም።

ይህ ስሕተት የእሱ ብቻ አይደለም። ከጅማ ሄደው በአዲስ አበባ የሚያመለክቱ ሰዎች 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ አሻራ ሰጥተው፣ ሳምንታት ጠብቀው የሚመጣላቸውን መልስ ብዙ ጊዜ አያነቡትም። «ተፈቀደ» ወይም «ተከለከለ» የሚለውን ካወቁ በኋላ የቀረውን ከደላላና ከጎረቤት ይሰማሉ። ወረቀቱ ግን ከሁሉም በላይ ግልጽ ምስክር ነው፤ የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ስለሆነ ቋንቋውን ማወቅ ብቻ ያስፈልጋል።

የሼንገን አገሮች የአጭር ጊዜ ቪዛ ሲከለክሉ የሚሰጡት ቅጽ አንድ ዓይነት ነው። ጣሊያንም ይሁን ስዊድን፣ ፈረንሳይም ይሁን የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆነችው ስዊዘርላንድ፣ የሚጠቀሙት በጋራው የቪዛ ሕግ ላይ የተያያዘውን ቅጽ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ ምክንያቶቹ በተራ ቁጥር ተደርድረው በየፊታቸው ትንሽ ሳጥን አለ። ውሳኔ ሰጪው ውሳኔውን ያሳረፈበትን ምክንያት መርጦ ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዝርዝሩ ውጭ ሌላ ምክንያት መፍጠር አይችልም። ይህን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርመን በከለከለችው አንድ ኢራናዊ ጉዳይ ላይ በግልጽ ወስኖበታል። ስለዚህ ምልክት የተደረገበት ሳጥን እንደሚናገር ሁሉ ባዶው ሳጥንም ይናገራል።

በወዳጄ ወረቀት ላይ ምልክት ያለባቸው ሁለት ናቸው፤ 10 ቁጥርና 13 ቁጥር። ለቆይታና ለመመለሻ የሚበቃ ገንዘብ ስለመኖሩ ማስረጃ አልቀረበም የሚለው 3 ቁጥር ነው። ያ ሳጥን አልተነካም። የሒሳቡን መግለጫ አይተዋል፣ ውሳኔያቸውን ግን በእሱ ላይ አላሳረፉም። ሊበደር የነበረው 400,000 ብር ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ሊመልስ ነበር።

ከዚያም የከፋ ነገር ነበረው። የጅማን የቡና ንግድ የሚያውቅ ሰው የአቅራቢን የባንክ መግለጫ ሲያይ አይደነግጥም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገንዘብ በብዛት ይገባል፤ ላኪው ለተረከበው ቡና ይከፍላል፣ አቅራቢውም ለገበሬ፣ ለጫኝ፣ ለማድረቂያ ሠራተኛ ያወጣል። ሚያዝያ ላይ ሒሳቡ ቀጭን ነው፤ ወቅቱ ነዋ። ይህ መልክ የእውነተኛ ነጋዴ መልክ ነው። በዚህ ላይ በግንቦት አንድ ቀን 400,000 ብር ቢገባና በሳምንቱ ማመልከቻ ቢቀርብ፣ መግለጫውን የሚያየው ሰው የሚጠይቀው ስለ ገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልተጠራጠሩትን ሰነድ እንዲጠራጠሩ በገዛ እጁ ሊጋብዛቸው ነበር።

እንግዲህ 10 እና 13 ምን ይላሉ? ከመመለሴ በፊት የዝርዝሩን አሠራር ላስረዳ፤ ሁሉም ነገር ያለው በግሡ ውስጥ ነውና።

በቅጹ ላይ በጣም የሚምታቱት 2 ቁጥርና 10 ቁጥር ናቸው። ሁለቱም ስለ ጉዞው ዓላማና ሁኔታ ይናገራሉ፤ ቃላቸውም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። 2 ቁጥር የሚለው «ማስረጃ አላቀረብህም» ነው። የመጥሪያ ደብዳቤው ጎድሎ፣ የማረፊያ ቦታው ሳይገለጽ ወይም የጉዞው ፕሮግራም ሳይያያዝ ሲቀር የሚመጣ ነው። 10 ቁጥር ግን «ያቀረብከው የሚታመን ሆኖ አላገኘነውም» ይላል። ሰነዱ አለ፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው አልገጠመም። የመጀመሪያው መድኃኒቱ የጎደለውን መጨመር ነው። ሁለተኛው ግን በመጨመር አይድንም፤ ያልገጠመው የት ላይ እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። 10 ቁጥር ተነግሮት ሃያ ተጨማሪ ገጽ ይዞ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ 10 ቁጥር ይቀበላል።

12 ቁጥር ከዚህም ይለያል። እሱ የሚናገረው ስለ ሰነዱ ራሱ ነው፤ ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ወይም በውስጡ የተጻፈው እውነት መሆኑን ተጠራጥረናል ማለት ነው። ደላላ የሠራው የሆቴል ቦታ ማስያዣ፣ ያልተሠራበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ እዚህ ያደርሳል። ይህን ሳጥን ከልቤ እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱም ማመልከቻውና ውሳኔው የሼንገን አገሮች በጋራ በሚያዩት የቪዛ መረጃ ቋት ውስጥ ለ5 ዓመት ይቀመጣሉ። በአንዱ ኤምባሲ የተከለከለ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ ሁለተኛው ኤምባሲ ያየዋል። «ሌላ አገር ሞክር፣ አያውቁም» የሚል ደላላ የሚናገረው ውሸት ነው። በሌላ በኩል ሕጉ ከዚህ በፊት መከልከል ብቻውን አዲሱን ማመልከቻ ሊያስከለክል እንደማይገባም ደንግጓል። ስለዚህ መደበቅ አይቻልም፣ ተስፋ መቁረጥም ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ወዳጄ ፋይል። ለኤምባሲው ያስገባውን ሁሉ ፎቶ ኮፒ አስቀርቶ ነበር፤ ይህ ከብዙ ድካም አዳነን። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተን ከእያንዳንዱ ላይ ቀኖቹን ብቻ ለቅመን ጻፍን። የመጥሪያው ደብዳቤ ዐውደ ርእዩ 3 ቀን እንደሆነ ይናገራል። የሆቴሉ ማስያዣ ለ4 ሌሊት ነው። የአውሮፕላኑ ማስያዣና የማመልከቻ ቅጹ ግን የ12 ሌሊት ቆይታ ያሳያሉ። የቀሩትን ስምንት ሌሊቶች የት ነው የሚያድረው? በፋይሉ ውስጥ መልስ የለም።

መልሱ በሰውዬው ልብ ውስጥ ነበር። የአክስቱ ልጅ እዚያው አገር በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ከዐውደ ርእዩ በኋላ እሷ ጋር ሊሄድ አስቦ ነበር። ያልጻፈውም «ዘመድ እንዳለህ ካወቁ ይቀራል ብለው ይከለክሉሃል» ስለተባለ ነው። ዘመድ መኖሩን መናገር የራሱ ክብደት እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ያልተነገሩት ስምንት ቀናት ከተነገረች ዘመድ ይልቅ ይከብዳሉ፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ባዶውን ቦታ በራሱ ግምት ይሞላዋልና። 10 ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። 13 ቁጥርም እሱን ተከትሎ ነው የመጣው።

13 ቁጥር ብዙ ሐበሻን የሚያስለቅስ ሳጥን ነው፤ ቪዛው ከማለቁ በፊት ለመውጣት ስላለህ ሐሳብ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለን ይላል። ሰዎች እንደ ስድብ ይወስዱታል፤ «ሌባ አሉኝ» የሚሉ ሰምቻለሁ። ሕጉ ግን ውሳኔ ሰጪው ሰውዬው እንደሚቀር እርግጠኛ እንዲሆን አይጠይቀውም። በዚያው በ2013ቱ ፍርድ ፍርድ ቤቱ ምክንያታዊ ጥርጣሬ እንደሚበቃ፣ ይህም የአመልካቹን የግል ሁኔታና የአገሩን አጠቃላይ ሁኔታ በማየት እንደሚመዘን ተናግሯል። ስለዚህ የአመልካቹ ሥራ «እመለሳለሁ» ብሎ መማል አይደለም። የግል ሁኔታው በወረቀት ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው።

ወዳጄ ይህን አድርጌያለሁ ብሎ ያምን ነበር። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫና ንግድ ፈቃዱ በፋይሉ ውስጥ አሉ። ግን የጋብቻውና የይዞታው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ናቸው፤ ከትርጉም ጋር አልተያያዙም። በከተማችን ከቀበሌና ከማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሰነድ ለእኛ ግልጽ ስለሆነ ለሌላው የማይነበብ መሆኑን እንረሳለን። ሚስቱና ቤቱ ለእሱ ሁሉም ነገር ናቸው፤ ለአንባቢው ግን ማኅተም ያለባቸው ሁለት ገጾች ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ የጎደለው ግን የመከሩ ጊዜ ነው። በጅማ ዙሪያ ቀይ ቡና መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት አካባቢ ነው፤ አቅራቢ በመስከረም መጨረሻ ቦታው ላይ ካልተገኘ ዓመቱን ያጣል። ይህ ከማንኛውም መሐላ የበለጠ የመመለሻ ምክንያት ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ስለዚህ ለሁለተኛው ማመልከቻ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። የባንክ መግለጫው ለምን በክረምት እንደሚቀጥንና በበጋ እንደሚወፍር፣ ከላኪው ጋር በኅዳር ለማስረከብ የገባውን ውል፣ ያለፈውን ዓመት ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ በቅደም ተከተል አስረዳን። የቀደመውን ክልከላም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በቀኑ ጠቅሰን፣ ስምንቱ ቀን ለምን ሳይብራራ እንደቀረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርናቸው። ብድሩ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ቅጹ የታችኛው ክፍል መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ወረቀቱን ያጥፈዋል። ከሳጥኖቹ በታች ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ በወዳጄ ወረቀት ላይ ባዶ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የት፣ በስንት ቀን ውስጥና እንዴት እንደሚቀርብ የሚገልጽ አንቀጽ ይመጣል። ሳጥኖቹ የጋራ ቢሆኑም ይህ አንቀጽ እንደየአገሩ ይለያያል። ጣሊያን ከከለከለች ጉዳዩ በ60 ቀን ውስጥ ሮም ወደሚገኘው የላዚዮ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ጀርመን ቀድሞ ለራሱ ለኤምባሲው በነጻ አቤቱታ ማቅረብን ትፈቅድ ነበር፤ ያ መንገድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቶ የቀረው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የድሮ ልምድ ያለው ጎረቤት ምክር ስለዚህ አይሠራም፤ የሚሠራው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። ቀኑም የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ሳይሆን ለአመልካቹ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ የተረከቡበትን ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።

ይግባኝ ወይስ አዲስ ማመልከቻ? ይግባኝ የሚያዋጣው ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሳኔው ስሕተት ሲሆን ነው። ለምሳሌ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ የሕክምና መድን ተያይዞ እያለ፣ አልቀረበም የሚለው 16 ቁጥር ቢመታ ያ የኤምባሲው ስሕተት ነው። በወዳጄ ጉዳይ ግን ጉድለቱ የፋይሉ ነበር፤ ዐውደ ርእዩም ይግባኙ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ የማይመለሰውን 90 ዩሮ እንደገና መክፈል የተሻለ ሆኖ አገኘነው። እዚያው አገር ያለ አንድ ቡና ገዢ ወዳጄን በመስከረም መጀመሪያ መጋዘኑን እንዲጎበኝ ጋበዘው፤ ጉዞው ለስራ 5 ቀን፣ ለአክስቱ ልጅ 3 ቀን፣ በድምሩ 8 ቀን ሆኖ ተጻፈ። የልጅቷ የመጥሪያ ደብዳቤና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጅም ተያያዘ።

በሰኔ መጨረሻ አስገባ። ያን ያህል ቀደም ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የተለየ ውሳኔ አሳልፏል፤ መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በበቂ ሁኔታ አልተባበረም በሚል። በዚህ ውሳኔ መሠረት ለሌላው አመልካች 15 ቀን የሆነው የመልስ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆኗል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጠንም፤ ከሰነዶች አንዳንዱን መተውም አይፈቀድም። ይህ በአንድ ሰው ጥፋት የመጣ ቅጣት አይደለም። ቡናውን ለማሳየት የሚሄድ ሐቀኛ ነጋዴ መሸከም የማይገባው ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ፤ እስካለ ድረስ ግን ቀኑን ከእሱ ጋር መቁጠር ግድ ነው።

በነሐሴ አጋማሽ ፓስፖርቱ ተመለሰ፤ ውስጡ ተለጣፊ ቪዛ አለበት። ደስታው ልክ አልነበረውም። ከዚያም ወረቀቱን አየና «እስከ መስከረም 20 ሰጥተውኛል፤ እንግዲያውስ እህቴ ጋር እስከዚያ እቆያለሁ» አለ። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይበልጥ ሊጎዳው የሚችል ነበር።

ተለጣፊው ላይ ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ይነበባሉ። «ፍሮም» በሚለው ሥር 08-09-25፣ «አንቲል» በሚለው ሥር 30-09-25 ተጽፏል። መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ዓመት ነው። ስለዚህ 08-09 መስከረም 8 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ነሐሴ 9ም፣ የእኛ ግንቦት 8ም አይደለም። በእኛ ሲመለስ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ይሆናል፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2018። ጳጉሜን በመሐል ስላለች በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚቆጥር ሰው አምስቱን ቀን ዘልሎ ይሳሳታል። በአንድ አቆጣጠር ብቻ፣ በተለጣፊው አቆጣጠር፣ መቁጠር ነው የሚሻለው።

ሁለቱ ቀኖች ግን የሚናገሩት በሩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ብቻ ነው። ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል የሚናገረው ሌላ መስመር ነው፤ «ዱሬሽን ኦፍ ስቴይ» ይላል። እዚያ ላይ 8 ተጽፏል። ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 20 ያለው 23 ቀን ነው፤ 8 የቆይታ ቀንና 15 የመጠባበቂያ ቀን። ሕጉ አንድ ጊዜ ለሚያስገባ ቪዛ 15 ቀን መጠባበቂያ እንዲጨመር ያዛል፤ ስብሰባው ቢገፋ ወይም አውሮፕላኑ ቢዘገይ ሰውዬው አዲስ ቪዛ እንዳያስፈልገው። መጠባበቂያው ጉዞውን ወዲያና ወዲህ ለመግፋት እንጂ ቆይታውን ለማርዘም አይደለም።

አቆጣጠሩም ጥብቅ ነው፤ የገባበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ የወጣበትም ቀን ይቆጠራል። በረራው በፈረንጆቹ መስከረም 12 ስለሚያደርሰው የመጨረሻ ቀኑ መስከረም 19 ነው፤ በእኛ ከመስከረም 2 እስከ መስከረም 9። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ቢደርስ እንኳ ያ ቀን ሙሉ ቀን ሆኖ ይቆጠርበታል፤ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነውና። እስከ መስከረም 20 ቢቆይ ኖሮ 11 ቀን ያለ ፈቃድ ይቆይ ነበር። በጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የሼንገን አገሮች መግቢያና መውጫን በአሻራና በፎቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ መተግበር ጀምረዋል፤ እንዲህ ያለውን ቀን ከዚህ በኋላ የሚቆጥረው ማኅተም የሚያገላብጥ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ከተፈቀደው በላይ መቆየት ደግሞ በሚቀጥለው ማመልከቻ 13 ቁጥርን ሊያመጣ የሚችል ነው።

የመግቢያ ብዛት የሚለው መስመር ላይ 01 ተጽፏል። ከሼንገን ግዛት አንዴ ከወጣ፣ ገና ሦስት ቀን ቢቀረውም፣ ቪዛው አለቀ ማለት ነው። ከአንዱ የሼንገን አገር ወደ ሌላው በባቡር መሄድ መውጣት አይደለም፤ ወደ ለንደን መሻገር ግን መውጣት ነው። ከሁሉም በታች ስሙንና የፓስፖርት ቁጥሩን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርን፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት ማረም የሚቀለው አዲስ አበባ እያለ ነው እንጂ ድንበር ላይ አይደለም።

ተለጣፊው በራሱ የመግባት መብት እንደማይሰጥም ነገርኩት፤ የድንበር ፖሊሱ የመጣበትን ጉዳይ፣ ማረፊያውንና ገንዘቡን ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ለኤምባሲው ያቀረበውን ፋይል ቅጂ በእጅ ሻንጣው እንዲይዝ ተስማማን። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ አክስቱ ልጅ ደወለ። ተለጣፊውን በግራ እጁ ይዞ፣ ከ12 ጀምሮ በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ እየነካ ቆጠረና፣ 19 ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «በ19ኛው ቀን ማታ በረራ አለኝ፤ እናንተ ጋር የማድረው ሦስት ሌሊት ብቻ ነው» አላት።